ለደንበኞቻችን፦ የኢሜይል ማጣሪያችሁን ለምን ባዶ እንዳደረግነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ አላረፈም። «ኢሜይላችንን አበላሻችሁት»፣ «ኢንቦክሱ በማስታወቂያ ተጥለቀለቀ» ብላችሁኛል። እውነት ነው፣ ተጥለቅልቋል። አስቀድመን ስላልነገርናችሁ ይቅርታ። ነገር ግን በስህተት የተነካካ ነገር የለም። አውቀን ነው ያደረግነው፤ ምክንያቱን ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተጀመረው ፍኖተ ሰላም ካለ በርበሬ ነጋዴ ደንበኛችን ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ ፕሮፎርማ ጠይቆት መልስ አጣ። ደግሞ ጻፈ፣ አሁንም ዝም። ከሌላ ሰው ገዛ። ደንበኛችን «የናንተ ኮምፒውተር ነው የጎዳኝ» ብሎ ደወለ። በማግስቱ ከደብረ ማርቆስ መኪና ተሳፈርኩ። የትራንስፖርቱን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አላስከፈልኩትም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ነበረብን። ኢሜይል የሚያነብበትን ፕሮግራም ተንደርበርድን ዘጋንና ከሌላ አድራሻ «የፕሮፎርማ ጥያቄ» የሚል ኢሜይል ላክን። በብሮውዘር ገብተን ስናይ ኢንቦክስ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ተንደርበርድን ስንከፍት ግን ዓይናችን እያየ ወደ ቆሻሻ ማኖሪያው `Junk` ሄደ። ስለዚህ ሰርቨሩ ንጹሕ ነው። ደብዳቤውን የሚያባርረው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያውን እንዲህ ያስተማረው ማን ነው? የነጋዴው ጸሐፊ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የማያስፈልጋትን ሁሉ `J` ትጫናለች፤ ከፊቷ ይጠፋላታል። ያለፈበት ጨረታ፣ መልስ የተሰጠበት ፕሮፎርማ፣ የባንክ መልእክት፣ ሁሉም `J`። `J` ግን መሰረዣ አይደለም። «ይህን የመሰለ ቆሻሻ ነው» ብሎ ማስተማር ነው።

ማጣሪያው አማርኛም እንግሊዝኛም አያውቅም፤ ቃል ነው የሚቆጥረው። «ፕሮፎርማ» የሚለው ቃል ቆሻሻ በተባሉት ውስጥ ስንቴ፣ ጥሩ በተባሉት ውስጥ ስንቴ መጣ ብሎ ያመዛዝናል። ልጅቷ «ይህ ጥሩ ነው» ብላ ነግራው አታውቅም። እንግዲህ ቃሉ የሚገኘው በቆሻሻው በኩል ብቻ ሆነ። አዲስ ገዢ «ፕሮፎርማ ላኩልን» ብሎ ሲጽፍ ምን ይፈረድበታል?

ይባስ ብሎ ወደ `Junk` የገባው እንደተነበበ ይቆጠር ነበር፣ ከ14 ቀን በኋላም ራሱ ይጠፋ ነበር። ስንደርስ የገዢው የመጀመሪያ ደብዳቤ የለም።

ከዚያ የሌሎቻችሁንም ኮምፒውተር አየን። ብዙዎቹ ያው ናቸው።

«አድራሻውን መዝገብ ውስጥ ብታስገቡት አይበቃም ነበር?» ያላችሁኝ አላችሁ። ለድሮ ደንበኛ ይበቃል። መዝገቡ ውስጥ ያለ ሰው ማጣሪያው አይነካውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ገዢ ግን አድራሻው ከየት ይመጣል? ገበያ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው።

የተሳሳተውን አንድ በአንድ ማረምም ይቻል ነበር። ቆሻሻ የተባለ ደብዳቤ ላይ `Shift+J` ሲጫኑ የድሮው ቆጠራ ይቀነሳል። ደብዳቤው ካለ ነው እንግዲህ። የኛዎቹ በ14 ቀን ጠፍተዋል፤ ቆጠራቸው ግን `training.dat` የሚባል ፋይል ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ `Privacy & Security` ውስጥ ገብተን `Reset Training Data` ተጫንን። ሌላ መንገድ አላገኘንም። አንድ ፕሮፋይል ላይ ያሉ አካውንቶች ሁሉ የሚጋሩት ትምህርት ስለሆነ የሁሉም ተሰረዘ። ባዶ ማጣሪያ ማንንም አይከለክልም፤ ጎርፉ የመጣው ለዚህ ነው።

አሁን የቀረው የእናንተ እጅ ነው። ኢንቦክስ ውስጥ ሃምሳ ያህል ጥሩ ደብዳቤ ምረጡና `Shift+J`፤ ፕሮፎርማና ጨረታ ይኑርበት። እውነተኛው ቆሻሻ ላይ `J`። የማትፈልጉት ግን ጥሩ የሆነው ላይ `Delete`። ከ`Junk` በማውስ ጎትቶ ማውጣት ምንም አያስተምርም፣ ቁልፉን ተጫኑ። በራሱ እንዳይሰርዝ ዘግተነዋል፣ እናንተም በሳምንት አንዴ ጎራ ብላችሁ እዩት። ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲህ አድርገን ያንኑ የሙከራ ደብዳቤ ስንልከው ኢንቦክስ ቀረ።

ይህን ቤት የጀመርኩት በአንድ ኮምፒውተርና ባረጀ ፎቶኮፒ ማሽን ነው። ኪራዩ ጨምሯል፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅም እንደዚያው። ለዚህ ሥራ ሳንቲም አልጠየቅንም፣ አንጠይቅምም። «ሌላ ባለሙያ እንፈልጋለን» ያላችሁኝ ሁለት ሰዎች ግን ከልቤ አልወጣችሁም። መብታችሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ላፕቶፑን ይዛችሁ ብቅ በሉ። አብረን እናስተምረዋለን፣ ቡናም አይጠፋም።

አክባሪያችሁ፣
የቤቱ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ