ለአባባ፣ ስለዚያ መሳቢያ ውስጥ ስለገባው ኪኒን

አባባ፣ እንዴት ነዎት? ደብረ ሲና ብርዱ እንዴት ነው? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

እህቴ ነገረችኝ። «ኮሌስትሮሌ 197 ነው፤ ከ200 በታች! ታዲያ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ብለው የኮሌስትሮል መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት አሉ። የእኔ 220 ነው። ከእርስዎ ይበልጣል፤ ለእኔ ግን ማንም ኪኒን አላዘዘልኝም። ነገሩ ግራ ቢያጋባዎ አይፈረድም።

ሐኪሙ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይህ ሰው በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ሀርት አታክ ወይም ስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ስንት ነው?» የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ በየአካባቢው የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለው፤ ለምሥራቅ አፍሪካም ለብቻው። መጀመሪያ ስኳር ያለበትና የሌለበት ይለያል። ከዚያ ወንድ ነው ሴት፣ ያጨሳል አያጨስም ይባላል። ቀጥሎ ዕድሜና የላይኛው ግፊት ይታያል። ኮሌስትሮል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን እኔንና እርስዎን እንይ። የእኛ ቁጥር በሚሊግራም ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ኮሌስትሮልን በሚሊሞል ስለሚቆጥር ቁጥሩ ለ38.67 ይካፈላል። የእርስዎ 5.1፣ የእኔ 5.7 ይሆናል። ሁለታችንም ከ5 እስከ 5.9 ያለው ዓምድ ውስጥ ነን፤ ለሰንጠረዡ ልዩነት የለንም! ግን እኔ 41 ዓመቴ ነው፣ ግፊቴ 118፣ ስኳር የለብኝም፣ አላጨስም። እርስዎ 66 ዓመት፣ ግፊትዎ 152፣ ስኳር አለ፣ ሲጋራም አለ። እነዚህ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛሉ። ሰንጠረዡ ላይ የእኔ ዕድል የተጻፈበት ሳጥን አረንጓዴ ነው፣ ከ5 በመቶ በታች። የእርስዎ ከእኔ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኪኒኑም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል በአንድ ሚሊሞል ሲወርድ፣ ከሚመጣው አደጋ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀራል። እንበልና ከ100 ሰው 20ው የሚታመምበት ሳጥን ቢሆን፣ አራት ሰው ይድናል። 2 ብቻ በሚታመምበት ግን አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ለእኔ ያልታዘዘው ለዚህ ነው። ለእርስዎ ስኳሩ ብቻውንም ሊያሳዝዝ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ሐኪሙን «ሲጋራ ትቻለሁ» አሉት ተብያለሁ። አባባ፣ ከጓሮ በኩል ጭሱ ይታያል እኮ! እንዲያ ከሆነ የተነበበልዎ የማያጨስ ሰው ሳጥን ነው፤ እውነተኛው ከዚያ ይብሳል። ዛሬ ቢተዉ እንኳ አንድ ዓመት እስኪሞላ ድረስ እንደ አጫሽ ነው የሚቆጠሩት።

ግፊቱንም ዳገቱን ወጥተው እንደደረሱ አያስለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይሁን። ካልሆነ የላይኛው ቁጥር ከፍ ብሎ ወደማይገባዎ ረድፍ ያስገባዎታል።

ለቀጠሮው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። የሲጋራውን ነገር ግን ራስዎ ይንገሩት፤ እኔ አልናገርብዎትም። ኪኒኑን ከዛሬ ማታ ይጀምሩልኝ።

ልጅዎ