ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽን፦ የተመላሽ ሠራተኛ ወርቅ በግራም ይለካ

ለተከበሩ የጉምሩክ ኮሚሽን ኮሚሽነር

እኛ በወርቅ ሥራና በጉምሩክ አስተላላፊነት የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ከዓረብ አገር ሠርተው የሚመለሱ ዜጎች ስለሚይዙት ወርቅ ነው። የመንገደኛ ወርቅ ነፃ መጠን በገንዘብ ሳይሆን በንጹሕ ወርቅ ግራም እንዲወሰን እንጠይቃለን።

አንዲት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ 40 ግራም የሚመዝኑ ባለ 21 ካራት አምባሮች ገዛች እንበል። ባለ 21 ካራት ከ1,000 እጅ 875ቱ ወርቅ ነውና ንጹሑ 35 ግራም ይሆናል። ያኔ የወርቁ ዋጋ ወደ 2,300 ዶላር፣ በባንክ ምንዛሪ ወደ 130 ሺህ ብር ነበር። በ2025 ጥቅምት የዓለም ዋጋ በአውንስ 4,000 ዶላር ሲያልፍ ያው አምባር ወደ 4,500 ዶላር፣ በብር ደግሞ ከ600 ሺህ በላይ ሆነ። አንድ ግራም ሳትጨምር በገንዘብ የተጻፈን ጣሪያ ልታልፍ ትችላለች ማለት ነው። ሕንድም በ2016 ደንቧ ለሴት ተመላሽ 40 ግራም ፈቅዳ የ100 ሺህ ሩፒ ጣሪያ ጨመረችበት፤ በ2025 በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ጌጥ 10 ግራም ገደማ ብቻ ነበር።

በግራም ሲባል ግን ሚዛን ላይ ያረፈው ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይደለም። 40 ግራሙ እንደ 24 ካራት ከተቆጠረ 5 ግራም የሌለ ወርቅ ይቀረጣል። ፈርጥ ያለው ሐብል ከነድንጋዩ ሲመዘን ስሕተቱ ይብሳል። ስለዚህ መርማሪው ካራቱን በመፈተኛ ድንጋይ ወይም በመሣሪያ አይቶ፣ ጠቅላላውንና የተጣራውን ክብደት ለየብቻ ጽፎ ለመንገደኛው ቅጂ ይስጥ። ክርክር ሲነሣ የሚዳኘው ይህ ወረቀት ነው፤ አሁን ብዙ ጊዜ የሚቀረው በቃል ብቻ መካሰስ ነው።

ጥፍጥፍ ወርቅ ለብቻው ይታይ። በታሪፍ መጽሐፉ ጌጥ በ71.13፣ ያልተሠራ ወርቅ በ71.08 ነው የሚመደበው። ሠራተኞቹ ጥፍጥፉን የሚመርጡት ለንግድ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ለጌጥ 5 በመቶ ቫት ሲከፈል ንጽሕናው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ጥፍጥፍ ዜሮ ነው የሚታሰበው። ተከታታይ ቁጥርና የንጽሕና ምስክር ወረቀት ያለውን፣ አስመጪዋም የገለጸችውን ጥፍጥፍ ከተደበቀ ዕቃ ጋር አንድ አድርጎ መውረስ ሌላው እንዲደብቅ ያስተምራል።

የደረሰኝ ነገርም አለ። የአንዳንድ ወርቅ ቤቶች ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። ሱቁ፣ ቀኑ፣ ካራቱና ግራሙ የሚነበብበት የስልክ ፎቶ በማስረጃነት ይያዝ። ከአገር ይዛው የወጣችውን ወርቅ ደግሞ ስትሄድ ቦሌ ላይ በክብደትና በፎቶ የሚመዘግብላት ቅጽ ይኑር፤ ያለዚያ የእናቷን ጉትቻ ስትመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ልትቀረጥበት ትችላለች።