የንጉሥ ሚካኤልን ሃይማኖት ከስማቸው አትገምቱ

ለአካባቢያችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣ ነው። ደጋግሜ ጠየቅሁ። «ባለሙያው እያየው ነው» ተባልኩ። ባለሙያው ካየው በኋላ የወጣው መጽሔት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ።

ነገሩ ስለ ሰገሌ ጦር ሜዳ ለጎብኚዎች ስለምታድሉት ትንሽ መጽሔት ነው። የመጀመሪያው እትም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወለዱ» ይላል። ተማሪዎቼን ይዤ በሄድኩበት ቀን አንዲት የደሴ ልጅ እጇን አወጣች። «ንጉሡ ሲወለዱ ሙስሊም ነበሩ ትለኛለች አያቴ» አለች። አስጎብኚያችሁም በጓደኞቿ ፊት «ሚካኤል የሚባል ሙስሊም የት አየሽ?» ብሎ አሳፈራት። ልጅቷ አቀርቅራ ዝም አለች። እውነቱን የተናገረችው ግን እሷ ነበረች።

ሚካኤል የክርስትና ስማቸው ነው። ሲወለዱ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ አባታቸው ኢማም አሊ ከወሎ ሙስሊም መሳፍንት ወገን ናቸው። ክርስትና የተነሡት በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ውስጥ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ነው። የክርስትና አባታቸውም እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። በዚያው ጊዜ ሌላው የወሎ ባላባት ኢማም አመዴ ሊበን በምኒልክ የክርስትና አባትነት ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ። የሁለቱንም ሃይማኖት ከኋለኛው ስማቸው የሚገምት ሰው ግማሽ ታሪካቸውን ይሰርዛል።

ሁኔታውም አብሮ መጻፍ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ አዘዙ፤ እምቢ ያለ ሹመቱን ያጣ ነበር። ስለዚህ «በራሳቸው ፈቃድ ብቻ ተቀየሩ» ማለት ትእዛዙን መደበቅ ነው። «ለሹመት ሲሉ ብቻ ነው» ማለት ደግሞ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መፍረድ ነው። ትእዛዙን፣ ጥምቀቱንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ ማቆም ትችላላችሁ።

ማመልከቻዬ ከገባ በኋላ የታተመው እትም ይህን ሁሉ ዘልሎ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። «ሙስሊሙ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ» ይላል አሁን። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ነው። ጦርነቱ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር። ንጉሡ ከተጠመቁ 38 ዓመት አልፏቸዋል። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን ያገቡትም፣ በ1906 ንጉሥ የተባሉትም ክርስቲያን ሆነው ነው።

ይህን እንደ ቃላት ስህተት ብቻ አይዩት። እዚህ ሰሜን ሸዋ ሰገሌ ላይ ያለቀው የሸዋም የወሎም ልጅ ነው። ጦርነቱ የሥልጣን ነበር፤ አባት ከዙፋን ለተሻረ ልጁ ለልጅ ኢያሱ ዘመተ። አንዱን ወገን «ሙስሊሙ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን አንባቢው ውጊያውን የመስቀልና የጨረቃ ያደርገዋል። ከወሎ የሚመጣ እንግዳ ያንን አንብቦ ምን ተሰምቶት እንደሚመለስ አስበውት ያውቃሉ?

ልጅ ኢያሱም በዚሁ ግምት ተጎድተዋል። መጽሔቱ «እንደ አባታቸው ሙስሊም» ይላቸዋል። ልጅ ኢያሱ ሲወለዱ አባታቸው ከተጠመቁ ብዙ ዓመት አልፏል፤ የተወለዱት ከክርስቲያን ወላጆች ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ሲሻሩ ሰልመዋል ተብለው ተከሰሱ። ክስ ነውና ክስ ተብሎ ይጻፍ። የአባትን የልደት ሃይማኖት ለልጅ ማውረስ አይቻልም።

ስም አይበቃም ስል ከዚያው ከወሎ በኩል ሌላ ማስረጃ አለኝ። የየጁው ዳግማዊ ራስ አሊ፣ አሊ እየተባሉም ክርስቲያን ነበሩ። በባለሙያችሁ ዘዴ ግን እሳቸውም ሙስሊም ተብለው ይታተሙ ነበር።

የሚገባው ጽሑፍ አራት መስመር አይሞላም፤ ለእርስዎም እነሆ፦ «ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ሙስሊም መሳፍንት ቤት መሐመድ አሊ ተብለው ተወለዱ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ በታዘዘ ጊዜ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሰገሌ ላይ ሲዋጉ ክርስቲያን ነበሩ።»

ሁለቱንም እትሞች ሰብስቡ። አስጎብኚውም ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ልጅቷን በጓደኞቿ ፊት እንዳሳፈራት በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ይጠይቃት። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የአካባቢው የታሪክ መምህር