ለክፍለ ከተማችን የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ፦ ሶሌታው ገና 5 ቀኑ ነበር

ጤና ይስጥልኝ የተከበሩ ኃላፊ። ቢሮዎ ሶስቴ መጥቼ ሶስቴም "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብያለሁ፣ ስለዚህ አራተኛውን እዚህ ላድርገው ብዬ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ያነቡታል።

እኔ 22 ዓመት ሳይት ላይ ፎርማን የነበርኩ ሰው ነኝ። አጥሬን ተደግፎ የሚሰራው ጂ ፕላስ 4 ሚያዝያ 3 የአንደኛ ፎቁን ሶሌታ ሞላ። ሚያዝያ 8 ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ልጆቹ ባህር ዛፉን እየነቀሉ ፓኔሉን እያወረዱ ነው። "ኧረ አምስት ቀኑ እኮ ነው" ስለው ፎርማኑ "ጋሼ፣ ፓኔሉ በቀን ኪራይ ነው፣ ላይ ይፈለጋል" አለኝ።

የኮለኑን ጣውላ በማግስቱ ሲፈቱ ምንም አላልኩም። የኮለንና የቢም የጎን ጣውላ ሸክም ስለማይዝ 18 ሰዓት ካለፈው ይፈታል፣ ጠርዙ እንዳይሸራረፍ መጠንቀቅ ነው። ሶሌታ ግን ሌላ ነው። የቆየው የኮንክሪት ኮዳችን ኢቢሲኤስ 2 ያለውን ለእርስዎ መንገር ነውር ነው፣ ግን ልንገርዎ፣ የሶሌታ የታች ጣውላ 7 ቀን፣ ድጋፉ 14፣ የቢም የታቹ ጣውላ 14፣ ድጋፉ 21። ብርድ ካለ ደግሞ አርማታው ስለሚዘገይ ከዚያም በላይ ነው።

ይባስ ብሎ ሚያዝያ 14 የሁለተኛውን ፎቅ ሞሉ። የላዩ ባህር ዛፍ ሁሉ፣ ግማሹ በብሎኬት ቁራጭ ላይ እየተወተፈ፣ የቆመው በዚያ የ11 ቀን ሶሌታ ላይ ነው፣ ከስሩ አንድም ድጋፍ የለም። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው። 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው እርጥብ አርማታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ጣውላውና ሰራተኛው ሳይቆጠር። ለመኖሪያ ቤት ሶሌታ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰበው 200 ኪሎ አካባቢ ነው፣ እሱም ጠንክሮ ለጨረሰ አርማታ።

አሁን በረንዳው ላይ፣ ግድግዳው ስር፣ ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ አለ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ወጥቼ ሳየው የቢላ ጫፍ ገባልኝ። ወጣ ያለ በረንዳ ዋናው ፌሮ ያለው ከላይ በኩል ስለሆነ የሚሰነጠቀውም ከላይ ነው፣ ከታች ቆሞ ያንጋጠጠ ሰው ምንም አያይም። የላኩት ባለሙያ ደግሞ ከታች ቆሞ አንጋጦ "ችግር የለውም" ብሎ ፈርሞ ሄደ፣ ጫማው እንኳን ሲሚንቶ አልነካውም።

ቀጣዩ ሙሌት ቅዳሜ ነው ተብሏል። ከዚያ በፊት ስራው ይቁም፣ ከሁለቱም ፎቅ ስር ድጋፍ ይመለስ፣ ሶሌታውን ወደ ላይ ሳይገፋ ጠበቅ ብሎ። ባለሙያዎን ዳግም ከላኩት ደግሞ መሰላል ከእኔ ቤት አለ፣ በነፃ ነው።