«ፈልግና ተካ» ያለው ሰው እኛ ቢሮ አንድ ቀን ይዋል

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሞክሼ ፊደላት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት በንዴት ነው።

የቋንቋ መምህር አናግራችኋል። የኮምፒውተር ባለሙያ አናግራችኋል። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ወጣት ሳይቀር ጠይቃችኋል። በእነዚህ ፊደላት ዓይኑ የሚጠፋው አራሚ ግን አንድም አልተጠየቀም። እኔ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ውል፣ ውክልናና ኑዛዜ ሳርም 17 ዓመቴ ነው።

«ሠረቀ» ሲሆን ፀሐይ ወጣች፣ «ሰረቀ» ሲሆን ሌባ ወሰደ የምትለዋን የታወቀች ምሳሌ ግማሽ ገጽ ሰጥታችኋታል። ይሁን። ግን እስከ ዛሬ «ተከሳሹ የወጣው በምሥራቅ ነው ወይ?» ብሎ የተደናገረ ዳኛ አላየሁም። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይፈታዋል።

ያናደደችኝ መጨረሻ ላይ ያለችው መስመር ናት። አራሚው አንዱን ፊደል መርጦ በ«ፈልግና ተካ» ቢያስተካክል በአንድ ደቂቃ ይገላገላል ትላለች። እኛም ተገላግለን ነበር! አለቃዬ ይህንኑ ምክር ከየት እንደሰማ እንጃ፣ አንድ የቤት ኪራይ ውል ላይ «ሠ»ን በሙሉ በ«ሰ» ቀየረው።

ውሉ የተከራይን ግዴታዎች በፊደል ተራ ይዘረዝራል። የፊደል ተራ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ሠ» አምስተኛ ነው፣ «ሰ» ሰባተኛ። በተራ (ሠ) ላይ ቤቱን ለሌላ ሰው አለማከራየት ነበር። በተራ (ሰ) ላይ ግቢውን በየሳምንቱ ማጽዳት። ወረድ ብሎ ሌላ አንቀጽ «ተከራይ በፊደል ተራ (ሠ) የተመለከተውን ከጣሰ አከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማፍረስ ይችላል» ይላል። ከለውጡ በኋላ ዝርዝሩ ሁለት (ሰ) ኖሩት። አንቀጹም (ሰ)ን ጠቀሰ። የትኛውን (ሰ)? አከራዩ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ግቢ ያልጠረገ ተከራይ ዕቃውን ይዞ ሜዳ ላይ ይወድቅ ነበር።

እንደ ወጉ ለሁለት ሆነን አመሳክረነዋል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ዋናውን ይከተላል። ግን ሁለቱም «ሰ» ነው የሚባሉት! ጆሮ ምን ያድርግ? ስህተቱን ያየው የተከራዩ ጠበቃ ነው፣ ያውም በፊርማው ቀን።

ያ ሳይበቃ የተከራዩ የአያት ስም «ሥላሴ» አለበት። አለቃዬ «ሠ»ን ብቻ ቀይሮ አልተወም፣ «ሥ»ንም አብሮ «ስ» አድርጎት ነበር። መታወቂያው ላይ «ሥላሴ»፣ ውሉ ላይ «ስላሴ»። ይህ ለመምህሩ ቀላል ነገር ይመስላል። አንዲት ደንበኛችን ግን በኑዛዜው ላይ «ጸሀይ»፣ በመታወቂያዋ ላይ «ፀሐይ» ተብላ በመጻፏ ሁለቱም እሷ መሆኗን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እኔ ነኝ የማውቀው።

«ፈልግ» የሚለውም ቢሆን ብቻውን አያዋጣም። ለኮምፒውተሩ የ«ሀ» መለያ ቁጥር U+1200 ነው፣ የ«ሐ» U+1210፣ የ«ኀ» U+1280። እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ»ን እንኳ ብንወስድ መጀመሪያው በሁለት ፊደል ይጻፋል። መሐሉ ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፣ ማለትም በስድስት። ሁለት በስድስት 12 ነው። የአንዲት ሴት ስም ሰነዱ ውስጥ የት የት እንዳለ ለማወቅ 12 ጊዜ መፈለግ አለብኝ። በአንድ ደቂቃ፣ እንዳላችሁት።

አሁን ስሞቹን ከሁሉ በፊት ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። መታወቂያው ላይ ያለው አጻጻፍ ለዓይኔ ባይጥመኝም አልነካውም፣ ስሙ የእኔ አይደለም። ከአዋጅ የተጠቀሰ ቃል ካለም ነጋሪት ጋዜጣው ላይ እንዳለ ይቆያል። አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጬ የማስተካክለው የቀረውን ተራ ቃል ብቻ ነው። ስናመሳክር ደግሞ የየኔታን አጠራር መልሰናል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አዲስ የገባችው ልጅ መጀመሪያ ትስቅብን ነበር። አሁን እሷም «አንቀጽ 7፣ ንጉሡ ሠ» ትላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የዘገባችሁ ርዕስ ላይ «ሕግ» ይላል፣ ፎቶው ሥር «ህግ»። ያረመላችሁ ሰው ካለ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። እሱንም እንዳላናገራችሁት ገብቶኛል።

የሕግ ሰነድ አራሚ
ከአዲስ አበባ