አቤቱታ የሚቀርብበት ቀን ሳያልፍ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ፒያሳ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በእኛ ስህተት የአንዲት ደንበኛችን ገንዘብ ሊቀልጥ ስለነበር ነው። በእኛ በኩል ከውጭ የኢንተርኔት ገበያ ዕቃ የምታስመጡ ሁሉ የሆነውን እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ደንበኛችን ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የምትረግጠውን የስፌት መኪናዋን በኤሌክትሪክ ለማድረግ ሰርቮ ሞተር አዘዘችን። ዋጋው 85 ዶላር ነበር። ዕቃው መጋቢት 2 ሱቃችን ገባ። የዚያኑ ቀን ልጃችን ስልኩን ከፍቶ Confirm received የሚለውን ተጫነ። ክፉ አላሰበም። «ዕቃው ደርሷል ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ፣ ደርሷል አለ። እሷም መጋቢት 5 መጥታ ካርቶኑን እንደታሸገ ወሰደችው።

ኤሌክትሪክ ሠሪው እስኪመጣላት ጠበቀች። እሱ መጋቢት 12 መጣ። ደግነቱ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከመሰካቱ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። 110 ቮልት ይላል። ያዘዝነው 220 ነው፤ የቤታችን መብራትም 220 ነው። ቢሰካው ኖሮ ይቃጠል ነበር፤ ሻጩም «እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት» ለማለት ይመቸው ነበር።

በዚያው ቀን ለሻጩ በመልእክት ጻፍንለት፣ ፎቶም ላክንለት። መልሱ ጥሩ ነበር። «ይቅርታ ወዳጆቼ፣ አዲስ እልካለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ» አለ። መጋቢት 15 ደግመን ጠየቅነው። «መጋዘን እያየን ነው» አለ። መጋቢት 19 ዝም ሲለን አቤቱታ ልናስገባ ትዕዛዙን ከፈትን። የአቤቱታው ቁልፍ የለም። ጠፍቷል።

ምን ሆነ? በዚያ ገበያ ሕግ አቤቱታ የሚቀርበው ትዕዛዙ «ተጠናቀቀ» ከተባለ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ትዕዛዙን የዘጋነው እኛው ነን፣ መጋቢት 2 ቁልፉን ስንጫን። ቀኑ መጋቢት 17 ላይ አለቀ። ሞተሩ ከተከፈተ ገና አምስት ቀኑ ነበር። ስህተቱ የእኛ ስለሆነ የደንበኛችንን ገንዘብ ሙሉውን ከኪሳችን መልሰናል።

ገበያዎቹ ይህን ቀን ለምን እንደሚያስቀምጡ ስትረዱ ጥድፊያውም ይገባችኋል። እንዲህ ባለው ገበያ ስትከፍሉ ገንዘቡ በቀጥታ ሻጩ ኪስ አይገባም። ገበያው መሃል ላይ ይይዘዋል፣ በሰው እጅ እንደተቀመጠ አደራ። ዕቃው መድረሱ ሲረጋገጥና የአቤቱታው ጊዜ ሲያልፍ አደራው ለሻጩ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ገበያው የሚመልስላችሁ ገንዘብ በእጁ የለም። ስለዚህ ከቀኑ በኋላ ብትጽፉ፣ እውነቱ ከእናንተ ጋር ቢሆን እንኳ፣ ማንም አያየውም። ዕቃው ትክክል ነው ወይስ ስህተት ብሎ የሚመረምር ሰው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህን ነው፦ ለሻጩ የምትጽፉት መልእክት ሰዓቱን አያቆመውም። መልካም ቃሉም አያቆመውም። ሰዓቱን የሚያቆመው በገበያው በራሱ ገጽ የተከፈተ አቤቱታ ብቻ ነው። ሻጩም ያንን ቀን በራሱ ገጽ ላይ ያየዋል። አንዳንዱ በእውነት ሊረዳችሁ ፈልጎ ነው የሚዘገየው፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀኑ እስኪያልፍ ነው። ከውጭ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ መለየትም አያስፈልግም። አቤቱታ መክፈት ከሻጩ ጋር መጣላት አይደለም። ተከፍቶ እያለ መነጋገር ይቻላል፣ ከተስማማችሁም በዚያው ይዘጋል።

ሌላም የምናየው ነገር አለ። ሻጩ «አቤቱታውን መጀመሪያ ሰርዙት፣ ገንዘቡን በሌላ መንገድ እልካለሁ» ይላል። እባካችሁ አትሰርዙ። ገንዘቡ ሳይገባ አንሰርዝም። በፔይፓል ለምሳሌ ክፍያ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ መክፈት ይቻላል። ረጅም ነው። ግን አንዴ የተዘጋ አቤቱታ ዳግም አይከፈትም። ከከፈታችሁም በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል ራሱ እንዲፈርድ ወደ ላይ ካላሳለፋችሁት በራሱ ይዘጋል። ብዙ ሰው ከፍቶ ይተኛል፣ ሃያው ቀን ያልፋል።

በኢቤይ ደግሞ ጊዜው ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ተብሎ ከተቆረጠው የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ዕቃውን ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም አስተላላፊ አድራሻ እናስልካለን። ለገበያው «ደረሰ» ማለት እዚያ ቤት ደረሰ ማለት ነው። ሰላሳው ቀን ዕቃው ገና ሻንጣ ውስጥ ሳይገባ መቆጠር ይጀምራል። ኢቤይ ከመጀመሪያው አድራሻ ወደ ሌላ የተላለፈ ዕቃን ከነጭራሹ በዋስትናው አይሸፍንም። ስለዚህ እንዲህ ለሚመጣ ዕቃ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዘመዳችሁ ካርቶኑን እዚያው ይክፈተውና ጽሑፉንና ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልን። ደሴ እስኪገባ አንጠብቅ።

ዕቃው ጭራሽ ካልመጣስ? ያው ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ወይም ጉምሩክ ቆሞ እያለም ቀኑ መቁጠሩን አይተውም። ሲቃረብ ሻጩ እንዲያራዝመው እንጠይቃለን። ካላራዘመ «አልደረሰኝም» ብለን ከማለቁ በፊት እንከፍታለን። በኋላ ከመጣ ይዘጋል።

ከዛሬ ጀምሮ አሠራራችንን ቀይረናል። እናንተ ዕቃውን አይታችሁ ሳትነግሩን Confirm received የሚለውን አንጫንም። በደረሰኛችሁ ላይ የመጨረሻውን ቀን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን። ባለፈው አንድ ደንበኛ ስልኩ ላይ «26» የሚል አይቶ መጋቢት 26 መስሎት ነበር። የፈረንጁ ማርች 26 ግን መጋቢት 17 ነው። የምንጽፈውም ገበያው ከሚለው ሁለት ቀን ቀድሞ ይሆናል፤ የእነሱ ሰዓት ከእኛ ስለሚለይ «ዛሬ ማታ» ያልነው እዚያ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ከእናንተ የምንለምነው ዕቃው በገባ በሦስት ቀን ውስጥ መጥታችሁ እዚሁ ሱቅ እንድትከፍቱት ነው። ስንከፍት እንቀርጻለን። ካርቶኑ ላይ ካለው አድራሻ ጀምረን፣ ሳናቋርጥ፣ ዕቃው ወጥቶ የተለጠፈበት ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ። የተቆራረጠ ቪዲዮ «ሌላ ዕቃ ነው» ያስብላል። የሚሰካ ከሆነ መጀመሪያ ጽሑፉን እናነባለን፣ ከዚያ እንሞክረዋለን። ለመምጣት የማይመቻችሁ፣ ከኮምቦልቻም ሆነ ከሌላ ቦታ ያላችሁ፣ ደውሉልን። በእናንተ ፈቃድ እኛ ከፍተን ቪዲዮውን በቴሌግራም እንልክላችኋለን።

አሁን ቤታችሁ ያልተከፈተ ካርቶን ያላችሁ ዛሬውኑ ክፈቱት። የተሳሳተ ነገር ካለ የትዕዛዙን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ሱቃችን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች