እማዬ፣ ለሲኞራ የላክሽው ማጽናኛ እንዲህ ተጻፈ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ባሏ ለሞተባት ጣሊያናዊት ጎረቤታችን ለሲኞራ በይልኝ ያልሽኝን አድርሻለሁ። ግን በስልክ እንደነገርኩሽ ቃል በቃል አልጻፍኩትም። «ምን ቆርጠሽ አስቀረሽብኝ?» ብለሽ ስለተቆጣሽ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ፣ ለምን ቤቷ ገብቼ እንዳልተቀመጥኩ ልንገርሽ። እዚህ ጣሊያን፣ ባሪ ከተማ ሰው ሲሞት የሟቹ ስም በትልቁ የታተመበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማኒፌስቶ ይሉታል። ጸሎተ ፍትሐቱ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ከሱ ላይ ይነበባል። የሲኞራ ባል ወረቀት ግርጌ ላይ «ሲ ዲስፔንሳ ዳሌ ቪዚቴ» የሚል ነበረበት። ለቅሶ ደራሽ ቤት ድረስ አይምጣብን ማለት ነው። እኛ አገር እንዲህ የሚል ቤተሰብ ቢኖር እድሩ ምን እንደሚል አንቺው ታውቂዋለሽ! እዚህ ግን ነውር አይደለም። እንዲህ ሲባል በካርድ መጻፍ ነው ደንቡ። ካርዱ ነጭ ይሆናል፣ ጽሑፉም በእጅ ነው። ታትሞ የተገዛ ጽሑፍ ላይ መፈረም ብቻውን ይቀዘቅዛል።

የጻፍኩት ይኸውልሽ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፦

«ጀንቲሌ ሲኞራ፣ ኮን ግራንዴ ትሪስቴጻ አቢያሞ አፕሬዞ ዴላ ስኮምፓርሳ ዲ ሱዎ ማሪቶ። ሚያ ማድሬ ሪኮርዳ አንኮራ ኳንዶ ሉዊ ሌ ፖርታቫ ላ ስፔዛ ፊኖ አል ቴርጾ ፒያኖ። ሌ ስያሞ ቪቺኔ ኢን ኩዌስቶ ሞሜንቶ ዲ ዶሎሬ ኤ ፖርጂያሞ አ ሌይ ኤ አይ ስዎይ ፊሊ ሌ ኖስትሬ ፒዩ ሴንቲቴ ኮንዶሊያንጼ። ኬ ሪፖዚ ኢን ፓቼ።»

በእኛ አፍ ስናመጣው፦ የተከበሩ ሲኞራ፣ የባለቤትዎን መለየት በታላቅ ሐዘን ሰማን። እናቴ እሳቸው አስቤዛዋን እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሸከሙላት እንደነበር ዛሬም ታስታውሳለች። በዚህ የሐዘን ጊዜ ከጎንዎ ነን። ለርስዎና ለልጆችዎ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን። ነፍሳቸውን ይማር።

አየሽ፣ «ሞተ» የሚል ቃል የለበትም። እነሱም እንደኛው «አረፈ» ዓይነት ቃል ይመርጣሉ። አንቱታውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠብቄዋለሁ። ብዙ የኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ«ሌይ» ጀምሮ መሀል ላይ «ቲ» ብሎ ወደ አንቺ ይወርዳል። ለባልቴት ሲሆን ደግሞ ያስቀይማል። «ቪቺኔ» ያልኩት ፈራሚዎቹ እኔና አንቺ፣ ሁለት ሴቶች ስለሆንን ነው። ወንድሜ አብሮ ቢፈርም «ቪቺኒ» ይሆን ነበር።

ኮንዶሊያንጼ የምትለው የሐዘን መግለጫ ቃል ግዴታ ናት። እሷን ብቻዋን በስልክ ጽፎ መላክ ግን ለይስሙላ ያስመስላል። ስለዚህ ከፊቷ አንድ እውነተኛ ትዝታ ይገባል፤ ያንቺ አስቤዛ የገባው ለዚህ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሲኞራ ደጋግማ የምታነበው ያቺን መስመር ነው። ሌላውን ሁሉም ጎረቤት ጽፎላታል።

አሁን ያስቀረሁትን ልንገርሽ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ምን ይደረጋል» ያልሽውን ተውኩት። እኛ ዘንድ ያጽናናል፤ እዚህ በካርድ ሲነበብ ግን አታልቅሺ የተባለች ሊመስላት ይችላል። «ምን አገኘው? መቼ ታመመ?» የሚለውንም አልጠየቅኩም። ካርድ ላይ አይጠየቅም። «ነፍስ ይማር»ን ግን አላስቀረሁብሽም፤ የመጨረሻዋ መስመር እሷ ናት። እሷን የጨመርኩት ማኒፌስቶው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ስላየሁ ነው። ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ እንዳልሆነ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አልነካትም ነበር።

ከታች ስማችንን ጽፌ «ቴርጾ ፒያኖ» ጨመርኩ፣ ማን እንደላከው እንዳይጠፋት። ፖስታው ላይ «አላ ፋሚሊያ»፣ ለቤተሰቡ ብዬ የቤተሰቡን ስም ጻፍኩና የደብዳቤ ሳጥናቸው ውስጥ ከተትኩት።

ምግብስ ያልሽው ደስ ይልሻል። በዚህ በደቡቡ ጎረቤት ለሐዘንተኛ ምግብ ሠርቶ የሚወስድበት የቆየ ልማድ አለ፤ ኮንሶሎ ይሉታል። የምድር ቤቷ ሴትዮ ሾርባ ይዛ ስትወጣ አይቼ እኔም ምስር ሠራሁ፣ በርበሬ የሌለበት። በር ላይ ሰጥቼ፣ እጇን ጨብጬ፣ «ሚ ዲስፒያቼ ታንቶ»፣ በጣም አዝናለሁ ብዬ ተመለስኩ። አልገባሁም።

በሠላሳኛው ቀን ትሪጄዚሞ የሚሉት ቅዳሴ አለ፣ እንደኛ አርባ ማለት ነው። እሱ ላይ እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ሰጥቼ ላገናኛችሁ አስቤያለሁ። እስከዚያ «ኮንዶሊያንጼ፣ ሲኞራ» ማለትን ተለማመጂ። ያ ብቻ ይበቃል፤ የቀረውን እኔ እተረጉምልሻለሁ።

መድኃኒትሽን እንዳትረሺ።

ልጅሽ